ስሊፑ 148,650፣ ስቴትመንቱ 146,850፦ 1,800 ብሩ የት ገባ?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ የአንድ ጅምላ መደብር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ኅዳር 6 ቀን 2018፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመደብሩን ገቢ 148,650 ብር ባንክ አስገባሁ። እጄ ላይ የቀረው የስሊፕ ቅጂ ይህንኑ ይላል፤ ፊርማና ማኅተምም አለው። ስቴትመንቱ ሲመጣ ግን በቅዳሜው ቀን ምንም የለም፤ ኖቬምበር 17 ላይ 146,850 ብር ገብቷል ይላል። የመደብሩ ባለቤት ሐጂ ‘1,800 አጉድለሻል፣ ከደመወዝሽ ይቆረጣል’ ብለውኛል። ከማሽን የወጣው ደረሰኝ አለኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሲከርም ግን ደብዝዟል። የቱን ወረቀት ልመን? ቀኑ የተለየው ገንዘቡ ሌላ ሒሳብ ገብቶ ይሆን?»
ገንዘብ ያዧ፣ ከመጋላ

እህታችን፣ መጀመሪያ ያንን የደበዘዘ ደረሰኝ ከቦርሳሽ አውጪው። ሐጂ ስሊፑን ከስቴትመንቱ ጋር አስተያይተው ፈረዱ፤ መሀል ላይ ያለውን ወረቀት ግን ዘለሉት። የጥያቄሽ መልስ አብዛኛው ያለው እሱ ላይ ነው።

ስሊፑን የሞላሽው አንቺ ነሽ። በመስኮት ገንዘቡን የተቀበለሽ ቴለር ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ስሊፕ ለክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ቴለሩ ያንን ድምር አይቶ እንደተቀበለ ያሳያልና። ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ቁጥር ስንት እንደሆነ ግን ስሊፑ ሊነግርሽ አይችልም። እሱን የሚነግርሽ ደረሰኙ ነው፤ ደረሰኙ የሚታተመው ቴለሩ የጻፈውን የገንዘብ መጠን፣ የሒሳብ ቁጥርና ቀን ይዞ ነው። ስቴትመንቱም የሚወጣው ከዚያው ምዝገባ ነው። ስለዚህ ስሊፑን ከደረሰኙ ጋር፣ ደረሰኙን ደግሞ ከስቴትመንቱ ጋር አስተያዪ። ልዩነቱ በየትኛው ጥንድ መካከል እንደተፈጠረ ስታውቂ ስህተቱ መቼና በማን እጅ እንደተሠራም ይገለጥልሻል።

የደበዘዘውን ለማንበብ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አድርጊና ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አዘንብለሽ በስልክ አንሺው፤ ከዚያ ፎቶው ላይ ጥቁረቱን ጨምሪ። ብዙ ጊዜ ዓይን የማያየውን ቁጥር ካሜራው ያወጣዋል። በምንም መልኩ ካውያ እንዳታስነኪው። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ ራሱ ነው ሙቀት ሲነካው የሚጠቁረው። ብርሃንና የፕላስቲክ ኪስ ጽሑፉን ያደበዝዙታል፣ ኃይለኛ ሙቀት ደግሞ ወረቀቱን እንዳለ ያጠቁረዋል። በድሬ ሙቀት ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተረሳ ደረሰኝ ሳምንት ላይቆይ ይችላል። ባንክ በገባሽበት ዕለት ፎቶ ኮፒ አድርጊውና ኮፒውን ከስሊፑ ጋር በስቴፕለር ያዢው። አሁን ጨርሶ ካልተነበበም ተስፋ አትቁረጪ፤ ምዝገባው በባንኩ ሲስተም ውስጥ ስላለ ቅርንጫፉ ፈልጎ በድጋሚ ሊያትመው ይችላል።

ደረሰኙ ላይ ከብሩ በፊት ሪፈረንስ ቁጥሩን ፈልጊ። ያው ቁጥር ስቴትመንቱ ላይ ከ146,850ው ጎን ካለ፣ የምታስተያዪው አንድና ያው ገቢ ነው። ከሌለ ግን ሌላ ቀን የገባ ሌላ ገንዘብ እያየሽ ሊሆን ይችላል፤ በየሳምንቱ ተቀራራቢ ገንዘብ በሚያስገባ መደብር ይህ ስህተት አዘውትሮ ይደርሳል። ብርና ቀን ይመሳሰላሉ፣ ሪፈረንስ ግን አይደገምም።

ይህ ቁጥር የቀኑን ጥያቄም ሊፈታልሽ ይችላል። በአንዳንድ ባንኮቻችን በመስኮት የገባ ጥሬ ገንዘብ ሪፈረንሱ በTT ይጀምርና አምስት አኃዝ ይከተለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፈረንጁ ዓመት ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሲቆጠር ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። ያንቺ ገቢ TT25321 ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ የ2025 ዓ.ም. 321ኛ ቀን ማለት ነው። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ 304 ቀን አለ፤ ከ321 ላይ ቀንሺለት፣ 17 ይቀራል። ኖቬምበር 17፣ በእኛ ኅዳር 8፣ ሰኞ። አንቺ መስኮቱ ፊት የቆምሽው ግን ኅዳር 6 ቅዳሜ ነው፤ ኖቬምበር 15፣ ማለትም 319ኛው ቀን።

እንዲህ ከሆነ ገንዘቡ የትም አልዞረም። ባንክ የራሱ የሥራ ቀን አለው። የቀኑን ሒሳብ ከዘጋ በኋላ የተቀበለውን ገንዘብ ቴለሩ በዚያው ሰዓት ቢመዘግበውም፣ ሲስተሙ የሚሰጠው ቀን የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሰዓት ነው። ማኅተሙ ላይ ቅዳሜ፣ ደረሰኙ ላይ ሰኞ ካየሽ ይኸው ነው። ነገሩ የሚያሳስበው ሪፈረንሱ 319 ብሎ ስቴትመንቱ ኅዳር 8 ካለ ነው። ያኔ ገንዘቡ የተመዘገበው ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ የታየሽ መስመር ደግሞ በኋላ የተሠራ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ቅርንጫፉን ምንነቱን ጠይቂ። የእናንተ ባንክ ሪፈረንስ በሌላ ፊደል የሚጀምር ከሆነ ይህ ቆጠራ አይሠራምና የታተመውን ቀን ብቻ ተከተዪ። ስቴትመንቱ ሁለት የቀን ዓምድ ካለው፣ አንዱ የተመዘገበበት፣ ሌላው ገንዘቡ ለባለ ሒሳቡ መቆጠር የጀመረበት ቀን ነው። ለጥሬ ገንዘብ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፤ ለቼክ ግን ይለያያሉ።

በነገራችን ላይ ስሊፑ ላይ ቀኑን የጻፍሽው «06/03/2018» ብለሽ ከሆነ፣ ለእኛ ኅዳር 6 ነው፤ ፈረንጁን አቆጣጠር የለመደ ዓይን ግን ማርች 6 ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፊው። ደረሰኙ ላይ 15:30 የሚል ሰዓት ብታዪም አትደንግጪ፤ የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው።

ወደ 1,800ው እንምጣ። ሁለቱን ቁጥሮች ላይና ታች አድርገሽ ጻፊያቸው፦ 148,650 እና 146,850። አኃዞቹ ያው ናቸው፤ 8ና 6 ብቻ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ 1,800 ለ9 ሲካፈል 200 ነው። የድሮ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሲያይ «ቁጥር ተገለባብጧል» ብሎ ይደመድማል።

እዚህ ላይ ግን አትቸኩዪ። 1,800 ማለት ዘጠኝ ባለ 200 ብር ኖቶችም ማለት ነው። መቶ ቅጠል ሊኖረው ከሚገባ አንድ እስር ዘጠኝ ቅጠል ጎድሎም ከሆነ ልዩነቱ ያው 1,800 ይመጣል፣ ለ9ም ይካፈላል። ስለዚህ በ9 ማካፈሉ ጥርጣሬ ይሰጥሻል እንጂ ፍርድ አይሰጥሽም። ፍርዱን የሚሰጠው ስሊፑ ላይ የኖቶቹ ዝርዝር የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ነው፤ ብዙ ሰው ጠቅላላውን ብቻ ጽፎ ባዶ የሚተወው ያ ሠንጠረዥ።

ያንቺ ስሊፕ እንዲህ ተሞልቷል እንበል። ባለ 200 ብር 600 ቅጠል፣ 120,000 ብር። ባለ 100 ብር 250 ቅጠል፣ 25,000 ብር። ባለ 50 ብር 65 ቅጠል፣ 3,250 ብር። ባለ 10 ብር 40 ቅጠል፣ 400 ብር። አንድ ላይ 148,650። እነዚህን መስመሮች አሁን ራስሽ በካልኩሌተር ደግመሽ ደምሪ፤ ስሊፑ ላይ ያለውን ድምር አትመኚ። የመስመሮቹ ድምር 146,850 ሆኖ ከተገኘ ጠቅላላውን ገልብጠሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ቴለሩ የቆጠረውን በትክክል አስገብቷል፣ የጎደለም ብር የለም። ያኔ ከመደብሩ የዕለት ገቢ መዝገብ ጋር አስተያዪው፣ እዚያም 146,850 መሆን አለበት። በፊደል የጻፍሽውም ይረዳሻል። ቁጥር ሲጻፍ እጅ ይሳሳታል፤ «አንድ መቶ አርባ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ» ብሎ በቃላት የጻፈ ሰው ግን ስምንቱንና ስድስቱን ሳያውቀው አይለዋውጥም።

ድምሩ በትክክል 148,650 ከመጣ ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው፣ ቴለሩ ሲቆጥር ባለ 200ው 591 ቅጠል ሆኖ አገኘው፤ 118,200 ብር፣ ጠቅላላው 146,850። እንዲህ ሲሆን ደንቡ እዚያው ነግሮሽ ስሊፑን ሰርዘሽ እንድታርሚና እርማቱ ላይ እንድትፈርሚ ወይም አዲስ እንድትሞዪ ነው። ስሊፕሽ ላይ ስርዝ የለም፤ የማረሚያ ፊርማም የለም፤ ቴለሩ በ148,650ው ላይ ፈርሟል። ይህ ጉድለቱን ከአንቺ ላይ ያርቀዋል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አያነሳውም። ምክንያቱም ስድስቱ እስሮች መደብር ውስጥ በእጅ ተቆጥረው ታስረው ከሆነና ማሽን ካልነካቸው፣ አንዱ እስር 91 ቅጠል የነበረበት ዕድል አለ።

ሁለተኛው፣ ቴለሩ 148,650 ቆጥሮ ተቀብሎ ሲጽፍ 146,850 አለ። ይህ ከሆነ ማስረጃው ባንኩ ውስጥ ተቀምጧል። ቴለር ቀኑን ሲዘጋ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ይቆጥርና ሲስተሙ «ሊኖርህ ይገባል» ከሚለው ጋር ያመሳክራል። 1,800 አሳንሶ የመዘገበ ቴለር በዚያ ዕለት ሣጥኑ ውስጥ 1,800 ትርፍ ይገኝበታል፤ ትርፉም ባለቤቱ እስኪታወቅ በተለየ ሒሳብ ይያዛል። በዚያው ዕለት ሌላ ጉድለት ገጥሞት ትርፉን ውጦት ካልሆነ በቀር፣ የዚያ ቀን መዝጊያ ወረቀት ላይ ይታያል። እንግዲህ ባንኩን የምትጠይቂው «ብሬ የታለ» ብለሽ አይደለም። ጥያቄሽ «የዚህ ሪፈረንስ ቴለር ያን ዕለት ሲዘጋ ትርፍ ነበረው ወይ? የእናንተ እጅ የቀረው የስሊፕ ቅጂ ላይ የኖት ዝርዝሩ ስንት ይላል?» የሚል ይሁን። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ቅርንጫፉ መዝገብ ገልጦ ነው የሚመልሰው።

እስካሁን ያወራነው ደረሰኙ 146,850 ይላል ብለን ነው፤ እንደሚልም እንገምታለን፣ ደረሰኝና ስቴትመንት ከአንድ ምዝገባ ስለሚወጡ። ደረሰኙ 148,650 ብሎ ስቴትመንቱ ብቻ 146,850 ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ያንን ልዩነት ያለ ሁለተኛ ምዝገባ መፍጠር አይቻልም። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ሰርዞ አዲስ ጽፏል ማለት ነው። ስቴትመንቱ ላይ ከዚያ መስመር በላይና በታች ጥቂት መስመር ሂጂና 148,650 ገቢ ተደርጎ ወዲያው የተቀነሰበት ቦታ ካለ ፈልጊ። ካለ፣ ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንዳረመው ባንኩ መናገር አለበት፤ አስገቢው ሳይጠራ የተደረገ እርማት ከሆነ ክርክሩ ያንቺ ነው።

ስለ ሒሳብ ቁጥሩ ብዙ አትጨነቂ፤ 146,850ው በመደብሩ ስቴትመንት ላይ እስከታየ ድረስ ሪፈረንሱ ከገጠመ ገንዘቡ ቤቱ ገብቷል። ለወደፊት ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሐጂ በአንድ ስም የቁጠባም የተንቀሳቃሽም ሒሳብ ካላቸው፣ ደረሰኙ ላይ ስማቸውን አይቶ መርካት አይበቃም፤ ስሙ በሁለቱም ያው ነው። ረጅም ቁጥር በአንድ ትንፋሽ አይነበብም። 13 አኃዝ ያለውን ቁጥር ከኋላ ጀምረሽ አራት አራት አድርገሽ ከፋፍዪው፤ ስሊፑን በአንድ ጣት፣ ደረሰኙን በሌላ ጣት ይዘሽ ቡድን በቡድን ሂጂ። ደረሰኙ መሀሉን በኮከብ ከሸፈነው የሚታዩትን የመጨረሻ አኃዞች አስተያዪ፤ የሁለቱ ሒሳቦች ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቅርንጫፉ ሂጂ፤ ገንዘቡን ወደተቀበለው ቅርንጫፍ ማለታችን ነው። መደብሩ መጋላ ሆኖ ገንዘቡ የገባው ከደቻቱ ማዶ ከዚራ ከሆነ፣ ከዚራ ድረስ መሄድ ግድ ነው፤ የቴለሩ መዝጊያና የባንኩ የስሊፕ ቅጂ ያሉት እዚያ ነው። ብቻሽን አትሂጂ። አንቺ አስገቢ ነሽ እንጂ የሒሳቡ ባለቤት አይደለሽም፤ ባንኩ ስለ ሒሳቡ ዝርዝር ካንቺ ጋር መነጋገር አይፈቀድለትም። ሐጂ ይምጡ፣ ወይም የፈረሙበት ማመልከቻ ያዢ። ማመልከቻው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፦

«ኅዳር 6 ቀን 2018 (15/11/2025) ከቀኑ 9:30 አካባቢ በሒሳብ ቁጥር … ጥሬ ገንዘብ ብር 148,650 ገቢ ተደርጓል። ሪፈረንስ ቁጥሩ … ነው። በስቴትመንት የተመዘገበው ብር 146,850 በመሆኑ ብር 1,800 ልዩነት አለ። የቅርንጫፉ የስሊፕ ቅጂና የቴለሩ የዕለት መዝጊያ ተመሳክሮ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

የስሊፑንና የደረሰኙን ኮፒ አያይዢ፤ ዋናዎቹን ለማንም አትስጪ። ያንቺን የማመልከቻ ቅጂ የገቢ ማኅተም አስመቺበት። ከዛሬ ነገ አትበዪ፤ የመስኮት ካሜራ ቅጂ ለዘለዓለም አይቀመጥም፣ እስሮቹ ፊትሽ መቆጠር አለመቆጠራቸውን የሚያሳየው ደግሞ እሱ ነው።

ስለ ደመወዙ፦ የባንኩ የጽሑፍ መልስ ሳይመጣ «አጉድያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በራሱ ውሳኔ ብቻ ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም፤ ከሚፈቀዱት ምክንያቶች አንዱ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው። ቢስማሙም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ለሐጂ ይህን ሕግ ከመጥቀስሽ በፊት ግን ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛቸው ላይ ደርድሪና ሪፈረንሱን አሳዪያቸው፤ ነጋዴ ሰው ናቸው፣ ወረቀት ይገባቸዋል።

የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ደረሰኙን ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢው፦ ብሩን፣ የሒሳቡን የመጨረሻ አራት አኃዝ፣ ቀኑን። ቴለሩ ሣጥኑን ሳይዘጋ የተገኘ ስህተት ሱፐርቫይዘር ጠርቶ በደቂቃዎች ይታረማል። ከተዘጋ በኋላ ግን እንደምታዪው ማመልከቻና ቀጠሮ ነው። እስሮቹንም ማሽን ላይ ሲያልፉ እያየሽ ቁጥሩን ከስሊፑ መስመር ጋር አስተያዪ።

አንድ ነገር ረስተን ነበር። ባንኩ «የኖቬምበር» ብሎ የሚሰጣችሁ ስቴትመንት ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ያለውን ነው የሚሸፍነው። መደብሩ ሒሳቡን በእኛ ወር የሚዘጋ ከሆነ ከኅዳር 22 ጀምሮ ያስገባሽው ሁሉ «አልገባም» ተብሎ ሊቆጠርብሽ ነው። ስቴትመንት ስትጠይቁ በወር ስም አትጠይቁ፤ «ከ10 ኖቬምበር እስከ 9 ዲሴምበር 2025» በሉ። ኅዳር 2018 ከመጀመሪያው እስከ 30 ያለው እሱ ነው።